የመጋዘን ግንባታ ማስታወሻ፦ ሁለት መጠባበቂያ፣ ሁለት ፊርማ

ጥቅምት 2017፣ በጀቱ ሲዘጋጅ

ሥራው ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ የሚገነባ የእህል መጋዘን ነው። የብረት መዋቅር፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ ኢጂኤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የኮንክሪት ወለል። እኔ የያዝኩት የወጪውን በኩል ነው። ማስታወሻውን የምጽፈው ሒሳብ ለሚያውቅ፣ ሳይት ላይ ግን ውሎ ለማያውቅ ሰው ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ ቫት የላቸውም።

የአማካሪው ግምት ዛሬ ደረሰ። የአፈርና የመሠረት ሥራ 4 ሚሊዮን ብር፣ ብረትና ጣሪያ 9 ሚሊዮን፣ ግድግዳና ወለል 4.5 ሚሊዮን፣ ኤሌክትሪክና ውሃ 2.5 ሚሊዮን። ድምሩ 20 ሚሊዮን። ከሥሩ አንድ መስመር አለ፦ «መጠባበቂያ 10%፣ 2 ሚሊዮን ብር»።

ይቺ መስመር አላስተኛ አለችኝ። ብሩ በዝቶ ወይም አንሶ አይደለም። ለምን እንደተያዘ አይናገርም። ማን ፈርሞ እንደሚያወጣው አይናገርም። ካልተነካ ወደ ማን እንደሚመለስም አይናገርም። እንዲህ ያለ መስመር በተግባር የመጀመሪያው የቸገረው ሰው ገንዘብ ነው የሚሆነው። የመሠረት ሥራው ይበላውና ጣሪያ ላይ ሲደረስ ባዶ ነው።

ስለዚህ ለሁለት ከፈልኩት።

የመጀመሪያው ኮንቲንጀንሲ ሪዘርቭ ነው። ሊመጣ እንደሚችል አስቀድመን ላወቅነውና ስም ሰጥተን መዝገብ ላይ ላሰፈርነው ስጋት የሚያዝ ገንዘብ። ይመጣ አይመጣ፣ ቢመጣስ ስንት ያስወጣ አናውቅም፤ ስሙን ግን እናውቀዋለን። ይህ ገንዘብ ቤዝላይን ውስጥ ነው፣ ማለትም የሥራው አፈጻጸም በሚለካበት የወጪ ዕቅድ ውስጥ። የሚያዝበትም ሥራውን የሚመራው ሰው ነው።

ሁለተኛው ማኔጅመንት ሪዘርቭ ነው። ማንም ላላሰበው፣ መዝገብ ላይ ለሌለው ነገር የሚያዝ። ከቤዝላይኑ ውጭ፣ ከጠቅላላ በጀቱ ግን ውስጥ ነው። የሚያዝበት ገንዘቡን ያወጣው ወገን ነው። እኛ ጋ ያ ማለት ባለቤቱ ናቸው።

የመንግሥት በጀት ያየ ሰው በቀላሉ የሚይዘው እንዲህ ነው። ከኮንቲንጀንሲ ማውጣት የበጀት ዝውውር ነው፤ ድምሩ አይነካም። ከማኔጅመንት ሪዘርቭ ማውጣት ለሥራው ተጨማሪ በጀት ማጽደቅ ነው፤ ቤዝላይኑ ራሱ ያድጋል።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ኮንቲንጀንሲው ስንት ይሁን

ከሳይት ኢንጂነሩ ጋር ተቀምጠን የስጋት መዝገብ ሠራን። ብዙ ነገር ተነሳ። ብር የሚያስወጡትን ብቻ ለይተን አራት አስቀረን።

አንደኛ፣ ዋልካው። አካባቢው ጥቁር አፈር ነው። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ወለል ያነሳል። ተቆርጦ ወጥቶ በገረጋንቲ መተካት አለበት። የሙከራ ጉድጓድ የተቆፈረው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ሁለቱም 1.2 ሜትር ላይ ከዋልካ ወጥተዋል። ሌላ ቦታ ጥልቀቱ ከዚህ የመብለጡ ዕድል 40% አልን። ቢበልጥ ወጪው 1.5 ሚሊዮን።

ሁለተኛ፣ የብረት ዋጋ ከፕሮፎርማው እስከ ግዢው ድረስ መጨመሩ። 50%፣ 1.2 ሚሊዮን።

ሦስተኛ፣ ትራንስፎርመሩ ዘግይቶ በጄኔሬተር መሥራት። 30%፣ 500 ሺህ።

አራተኛ፣ ያለወቅቱ የሚመጣ ዝናብ መግቢያ መንገዱን አበላሽቶ ሥራ ማቆሙ። 60%፣ 250 ሺህ።

ዕድሉን በወጪው አባዝቶ መደመር የተለመደው መንገድ ነው። ዕድሉ C ዓምድ፣ ወጪው D ዓምድ ላይ ካለ፦

```
=SUMPRODUCT(C2:C5,D2:D5)
```

የሚወጣው 1.5 ሚሊዮን ነው። 600 ሺህ፣ 600 ሺህ፣ 150 ሺህ፣ 150 ሺህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ለሒሳብ ሰው ግን ከዚህ የሚቀጥለው ነው ዋናው።

1.5 ሚሊዮን አማካይ ነው። ይህ ዓይነት መጋዘን መቶ ጊዜ ቢሠራ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያ ነው። እኛ የምንሠራው ግን አንድ ነው። ዋልካው ብቻውን ከመጣ 1.5 ሚሊዮኑን ጠራርጎ ይወስደዋል፣ ለሌሎቹ ሦስቱ ቤሳ አይቀርም። አማካይ የሚሠራው ስጋቶቹ ብዙና ትንንሽ ሲሆኑ ነው። የኛዎቹ ጥቂትና ትልልቅ ናቸው።

ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ 1.5 ሚሊዮን የማይበቃበት ዕድል ስንት ነው? አራት ስጋት፣ እያንዳንዱ ይመጣል ወይም አይመጣም፣ በጠቅላላው 16 ዓይነት ውጤት ነው። ይህን ለማወቅ ልዩ ሶፍትዌር አያስፈልግም። አሥራ ስድስቱን መስመር ኤክሴል ላይ ዘረዘርኩ፣ የእያንዳንዱን ዕድል አባዛሁ፣ ከትንሹ ወጪ ወደ ትልቁ ደረደርኩና ዕድሉን እያከማቸሁ ወረድኩ።

1.5 ሚሊዮን የሚበቃው 57% ገደማ በሚሆነው ሁኔታ ነው። 43% በሚሆነው አይበቃም። ሳንቲም ወደ ላይ ከመወርወር ብዙም አይሻልም። 80% እንዲበቃ ከተፈለገ ግን 2.25 ሚሊዮን መያዝ አለበት።

ቁጥሩን ለባለቤቱ አቀረብኩ። «ጋሼ፣ 1.5 ከያዝን ከአሥር አራት ጊዜ ተመልሰን እርስዎ ጋ እንመጣለን። 2.25 ከያዝን ከአሥር ሁለት ጊዜ።» ትንሽ አሰቡና «ሁለት ጊዜውን ልቀበል» አሉ። ውሳኔው የሳቸው መሆን ነበረበት። ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንደሚፈልግ የሚወስነው ገንዘቡን የሚያወጣው ነው፣ ኢንጂነሩም እኔም አይደለንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚሁ ልተው። ስሌቱ አራቱ ስጋቶች አንዱ በሌላው ላይ ጥገኛ እንዳልሆኑ አድርጎ ነው የሚይዛቸው። እውነታው ግን ዶላር ሲጨምር ብረትም ነዳጅም አብረው ይጨምራሉ። አብረው የሚመጡ ስጋቶች ካሉ መጥፎው ጫፍ ስሌቱ ከሚያሳየው ይከብዳል። እኛ ጋ የጄኔሬተሩ ድርሻ ትንሽ ስለሆነ አልፌዋለሁ። ትልቅ የውጭ ዕቃ ያለበት ሥራ ቢሆን ግን አላልፈውም ነበር።

ኅዳር መጀመሪያ፣ ማኔጅመንት ሪዘርቩ

ለዚህኛው ስሌት የለም። የማናውቀውን ነገር ዕድሉን ማባዛት አይቻልም። የሚተመነው በልምድና በፖሊሲ ነው፤ የቤዝላይኑን 5%፣ አንዳንዴ 10% የሚይዙ አሉ። ቦታው አዲስ ከሆነ፣ ሥራው ከዚህ በፊት ካልተሠራ፣ ወደ ላይ ይሄዳል። መጋዘን አዲስ ነገር አይደለም። መሬቱ ግን ከዚህ በፊት ምን እንደነበረበት የሚናገር ወረቀት የለንም። 1.25 ሚሊዮን ላይ ተስማማን።

እንግዲህ በጀቱ እንዲህ ቆመ። የሥራዎቹ ግምት 20 ሚሊዮን። ኮንቲንጀንሲ 2.25 ሚሊዮን። ቤዝላይን 22.25 ሚሊዮን። ማኔጅመንት ሪዘርቭ 1.25 ሚሊዮን። ጠቅላላ በጀት 23.5 ሚሊዮን።

ያው ስጋት ዛሬ አንዱ ኪስ ነገ ሌላው ኪስ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በጀት የሠራና ይህን በመዝገቡ ያልጻፈ ሰው፣ የደረሰበትን ልዩነት የሚጠይቀው ከማኔጅመንት ሪዘርቭ ነው። ከዚያ በኋላ በጀት የሚሠራ ሰው ግን ምንዛሬን አላሰብኩም ሊል አይችልም። ስም አለው፣ ዕድል ይሰጠዋል፣ ኮንቲንጀንሲ ውስጥ ይገባል። የኛ የብረት መስመር 50% የተባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

የፊርማውን ነገርም በአንድ ገጽ ጻፍነው። ኢንጂነሩ እስከ 300 ሺህ ብር ከኮንቲንጀንሲ በራሱ ያወጣል፤ የስጋቱን ቁጥር ጠቅሶ። ከዚያ በላይ ሲሆን እኔም እፈርማለሁ። ባለቤቱ ይነገራቸዋል እንጂ አይጠየቁም። ከማኔጅመንት ሪዘርቭ ግን አንድ ብርም ያለሳቸው ፊርማ አይወጣም።

የገንዘቡን መገኛ በተመለከተ፦ ኮንቲንጀንሲው በማንኛውም ሳምንት ሊፈለግ ስለሚችል ቶሎ የሚወጣ መሆን አለበት። ግማሹን ሒሳባችን ላይ አደረግን፣ ግማሹን ከባንኩ ብድር ገና ያልተሳበ አድርገን ተውነው። ማኔጅመንት ሪዘርቩን ለብቻ ማስቀመጥ አላስፈለገም። የባለቤቱ የጽሑፍ ቃል ኪዳንና ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጡ ማወቁ በቂ ነው። ሳይነካ ሊቀር ለሚችል ብር ከአሁኑ ወለድ መክፈል ትርፉ ኪሳራ ነው።

ኅዳር አጋማሽ፣ ቁፋሮ

ኤክስካቫተሩ ከምዕራቡ በኩል ጀመረ፣ ሰላም ነበር። ወደ ምሥራቁ ሲዞር ዋልካው አላልቅ አለ። 1.2 ሜትር ላይ ጥቁር፣ 1.6 ላይ ጥቁር፣ 2.1 ሜትር ላይ ነው ጠንካራው አፈር የተገኘው። የሙከራ ጉድጓዶቹ ሁለቱም ምዕራቡ በኩል ነበሩ። ይህን ሳይት ፕላኑ ላይ ጣቱን አስቀምጦ ያሳየኝ ኢንጂነሩ ነው። ሦስተኛ ጉድጓድ ምሥራቁ ላይ ቢቆፈር ወጪው ኢምንት ነበር፤ ወጪውን አያስቀረውም፣ ግን ከስጋት ወደ ግምት ያሸጋግረው ነበር።

ውላችን በተለካው ሥራ ልክ የሚከፈል ስለሆነ ተጨማሪው መጠን የኛ ዕዳ ነው። ተጨማሪ ቁፋሮ፣ አፈሩን ማራቅ፣ ገረጋንቲ ማስመጣትና በሮለር መጠቅጠቅ፣ ሁሉም ተደምሮ 980 ሺህ ብር።

ይህ ስም ያለው ስጋት ነው፣ ቁጥር አንድ። ኢንጂነሩ ጻፈ፣ እኔ ፈረምኩ። የአፈር ሥራው በጀት ከ4 ሚሊዮን ወደ 4.98 ሚሊዮን አደገ፣ ኮንቲንጀንሲው ከ2.25 ወደ 1.27 ወረደ። ቤዝላይኑ 22.25 እንደሆነ ቀረ።

የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ጥሩ ጥያቄ አነሳች። «ገና ከመጀመሪያው መጠባበቂያውን ለየሥራው አከፋፍለነው ቢሆን ይሄ ሁሉ ወረቀት አያስፈልግም ነበር አይደል?» ወረቀቱ አያስፈልግም ነበር። ግን 980 ሺህ ብር የት እንደሄደም አይታይም ነበር። የተከፋፈለ መጠባበቂያ በየሥራው ውስጥ ይደበቅና ሥራው እስከዚያ ድረስ ይሰፋል። የአፈር ሥራው «በበጀቱ አለቀ» ይባላል፣ ኤሌክትሪኩም ያላስፈለገውን ድርሻ ይዞ ይቀራል። አንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲቀመጥ ግን ማን ስንት በምን ምክንያት እንደወሰደ ከመዝገቡ ይነበባል።

ኅዳር መጨረሻ፣ «ተርፏል» የሚለው ክርክር

ባለቤቱ ሳይት መጡ። 1.27 ሚሊዮን መቅረቱን ሰሙ። ትልቁ ስጋት ካለፈማ ብለው፣ ከቀረው ላይ 400 ሺህ ወስደን የጥበቃ ቤትና የግንብ አጥር እንጨምር አሉ።

ሁለት ምክንያት ይዤ ነው የተቃወምኩት።

አንደኛው፣ የቀረው ገንዘብ የሚነጻጸረው ከቀረው ስጋት ጋር ነው። መጀመሪያ ከነበረው ገንዘብ ጋር ማወዳደር ምንም አይነግረንም። ዋልካው ተዘግቷል፣ ሦስቱ ግን አሉ። የሦስቱ አማካይ 900 ሺህ ስለሆነ 370 ሺህ የተረፈ ይመስላል። ሰንጠረዡን እንደገና ለሦስቱ ስሠራው 1.27 ሚሊዮን የሚበቃው 64% በሚሆነው ሁኔታ ነው። መጀመሪያ የተስማማነው 80% ነበር። ለዚያ 1.45 ሚሊዮን ያስፈልጋል። ትርፍ የመሰለው ጉድለት ነው።

ሁለተኛው፣ የጥበቃ ቤት ስጋት አይደለም። ፈልገን የምንጨምረው ሥራ ነው። ከኮንቲንጀንሲም ከማኔጅመንት ሪዘርቭም አይወጣም። የራሱ ግምት፣ የራሱ በጀት ይኑረው። መጠባበቂያ አዲስ ሥራ መግዣ ከሆነ አደጋው ሲመጣ ምንም አይገኝም።

ጋሼ ሁለተኛውን ወዲያው ተቀበሉ። በመጀመሪያው ላይ ትንሽ ተከራከርን። ሰንጠረዡን ሲያዩት ግን «ታዲያ 64 ከሆነ ምን እናድርግ?» አሉ። ገንዘብ መጨመር አንዱ መንገድ ነው። ሌላው ስጋቱን መቀነስ ነው። ሁለተኛውን መረጥን፦ ከብረቱ ግማሽ ገደማውን አሁኑኑ ገዝተን ሳይት ላይ ሸራ አልብሰን ማስቀመጥ። ለጥበቃና ለማከማቻ የምናወጣው ሌላ ቦታ ላይ ካለው በጀት ተሸፈነ። ከዚህ በኋላ ዋጋ ቢጨምር የሚመታን በቀረው ግማሽ ላይ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ፣ ጉድጓዱ

ለአንዱ ኮለን መሠረት ሲቆፈር አፈሩ ተደረመሰ። ሥሩ በእጅ የተቆፈረ አሮጌ የውሃ ጉድጓድ ነው። አፉ በእንጨትና በአፈር ተደፍኖ ከላይ የተዘራበት። በካርታ የለም፣ በይዞታ ሰነዱ ላይ የለም፣ ጎረቤት የሆኑ አንድ አባት ብቻ ናቸው «አዎ፣ ዱሮ እዚህ ጋ ይቀዳ ነበር» ያሉት።

ሥራው በዚያ ኮለን ላይ ቆመ። ስትራክቸራል ኢንጂነር ተጠራ። ጉድጓዱ በድንጋይና በኮንክሪት ተሞልቶ፣ መሠረቱ ከጎረቤት ኮለኑ ጋር በቢም እንዲታሰር ተደረገ። ተጨማሪው ፌሮ፣ ኮንክሪቱ፣ የዲዛይን ክፍያው ሲደመር 420 ሺህ ብር።

ኢንጂነሩ ከኮንቲንጀንሲ ሊያወጣው ፈለገ። «አፈር ነው፣ ቁጥር አንድ ውስጥ ይገባል፤ ደግሞ ለዋልካው 1.5 አስበን 980 ነው የወጣው» አለኝ። ከገጠሙኝ ክርክሮች ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሐሳቡ ቅን ነው፣ ሥራው እንዳይቆም ብሎ ነው።

ግን የመዝገቡን ቃል አነበብን። ቁጥር አንድ «የዋልካው ጥልቀት ከሙከራ ጉድጓዶቹ መብለጡ» ይላል። ስለ ባዶ ጉድጓድ የሚል ነገር የለም። 40 በመቶውም 1.5 ሚሊዮኑም ሲተመን ይህ አልታሰበም። ስለዚህ ከኮንቲንጀንሲ ብንወስድ የብረቱንና የትራንስፎርመሩን መሸፈኛ ነው የምንበላው። ለባለቤቱም የሚደርሳቸው ወሬ «ሁሉ ነገር በዕቅዱ መሠረት ነው» የሚል ይሆናል፣ መሬቱ ያልጠበቅነውን ነገር እያሳየ እያለ።

የለውጥ ጥያቄ ጻፍን። አንድ ገጽ ነው፦ ምን ተገኘ፣ ለምን አልታሰበም፣ ምን አማራጭ አለ፣ ስንት ብር፣ ስንት ቀን። አማራጩ ኮለኑን ማዛወር ነበር፤ የጣሪያውን ብረት በሙሉ የሚያስቀይር ስለሆነ ወደቀ። ጋሼ በማግስቱ ፈረሙ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ሌላ ጉድጓድ የለም ማለት ነው?» ጥያቄው ወሳኝ ነበር። የቀሩት ኮለኖች ቦታ ላይ በብረት ዘንግ ሁሉም እንዲፈተሽ ተደረገ፣ ሌላ አልተገኘም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ፣ ከኅዳሩ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። ማኔጅመንት ሪዘርቩ ከ1.25 ሚሊዮን ወደ 830 ሺህ ወረደ። 420 ሺህው ወደ ቤዝላይን ገባ፣ ቤዝላይኑ ከ22.25 ወደ 22.67 ሚሊዮን አደገ። ኮንቲንጀንሲው 1.27 እንዳለ ነው። ጠቅላላ በጀቱም 23.5 እንዳለ ነው። ከዚህ በኋላ የአፈጻጸም ሪፖርት የሚለካው በ22.67 ነው። በአሮጌው ብንለካ ሥራው ሳያጠፋ ያጠፋ ይመስላል። 830 ሺህውን ደግሞ ከመለኪያው ውስጥ አናስገባም። ብናስገባው ለሥራው ያልተሰጠ ገንዘብ እንደተሰጠ ተቆጥሮ፣ ቁጥሩ ከእውነቱ ይልቅ ያማረ ይሆናል።

የካቲት፣ ብረት

የቀረውን ብረት ስንገዛ ዋጋው ጨምሮ ነበር። ልዩነቱ 700 ሺህ። ሁሉንም አሁን ብንገዛ ኖሮ ከ1.2 ሚሊዮኑ ያልፍ ነበር። ቁጥር ሁለት፣ ሁለት ፊርማ፣ ተከፈለ። ኮንቲንጀንሲው 570 ሺህ ቀረው።

የቀሩት ትራንስፎርመሩና ዝናቡ ናቸው። ለሁለቱ ሰንጠረዡ አራት መስመር ብቻ ነው። 500 ሺህ ቢያዝ 82% ይበቃል። እኛ ጋ ያለው 570 ነው። ከተስማማነው የ80% መስመር በላይ ነን።

ግንቦት፣ ወለልና መብራት

ትራንስፎርመሩ ዘገየ፣ ግን የፈራነውን ያህል አይደለም። የጄኔሬተር ኪራይና ናፍጣ 190 ሺህ ወጣ። የበልግ ዝናብ መግቢያውን አጨቀየው፣ ለጠጠር 60 ሺህ። ሁለቱንም ኢንጂነሩ በራሱ ሥልጣን አወጣ። ኮንቲንጀንሲ 320 ሺህ።

ወለሉ ላይ ሌላ ዓይነት ነገር ገጠመ። በኮንክሪቱ 150 ሺህ አልፈናል። ተለክቶ ሲታይ ግራውንዱ በደንብ ስላልተስተካከለ ወለሉ ከ15 ሳንቲሜትር በላይ ወፍሮ የፈሰሰበት ቦታ አለ። ኢንጂነሩ ከኮንቲንጀንሲ ይሸፈን አለ፣ እኔ አልፈረምኩም። ይሄ ከስጋቶቹ አንዱ አይደለም፣ ያልታወቀ ነገርም አይደለም። የሥራ አፈጻጸም ነው። እንደ ልዩነት በሪፖርቱ ላይ ይታይ፣ ከወለሉ መስመር ፊት ለፊት። ካላየነው ለሚቀጥለው መጋዘን ሌቭሉን ማን እንደሚያጣራ አንወስንም። ኤሌክትሪኩ ደግሞ 60 ሺህ አትርፎ ነው ያለቀው፣ እሱም እንደዚሁ በራሱ መስመር ታየ።

ሰኔ፣ መዝጊያ

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ከሒሳብ ክፍል ጥያቄ መጣ። ያልተነካውን 320 ሺህ ኮንቲንጀንሲ እንደ ወጪ መዝግበን በዕዳ በኩል ፕሮቪዥን እናድርገው ወይ? አይደረግም። መጠባበቂያ የበጀት ነገር ነው፣ ሌጀር ውስጥ አይገባም። በአይኤኤስ 37 ፕሮቪዥን የሚመዘገበው ካለፈ ክስተት የመጣ፣ ዛሬ ላይ ያለ ግዴታ ሲኖር ነው። ሊመጣ ይችላል ብለን የያዝነው ብር ለማንም ግዴታ አይደለም። የመጋዘኑ የሀብት ዋጋም በአይኤኤስ 16 መሠረት በእውነት የወጣው ነው፣ የተበጀተው አይደለም። ለተቋራጩ የሚቀረው የመያዣ ክፍያ ግን ሥራው ስለተሠራ እውነተኛ ዕዳ ነው፣ ይመዘገባል። ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ቦታ አይቻለሁ።

የወጣው በሙሉ 22.44 ሚሊዮን ብር ነው። ከ23.5 ሚሊዮኑ 1.06 ሚሊዮን ቀረ። አመጣጡ እንዲህ ነው፦ 320 ሺህ ከኮንቲንጀንሲ፣ 830 ሺህ ከማኔጅመንት ሪዘርቭ፣ ሲቀነስ ወለሉና ኤሌክትሪኩ ተቻችለው የቀረው 90 ሺህ ብልጫ። ሁሉም ለባለቤቱ ተመለሰ፣ ያልተሳበው የባንክ ብድርም እንዲሰረዝ ደብዳቤ ተጻፈ። ጋሼ ያኔ ስለ ጥበቃ ቤቱ እንደገና አነሱ፣ አሁን የራሱ ግምት እየተሠራለት ነው።

ለሁለተኛው መጋዘን የስጋት መዝገቡን ከፈትኩ። ቦታው እዚያው አጥር ውስጥ ነው። ቁጥር አምስት አዲስ መስመር ገባ፦ የተደፈነ አሮጌ ጉድጓድ በኮለን ሥር መገኘቱ። ዕድሉ 10%፣ ወጪው 420 ሺህ። ከዚህ በኋላ ቢገኝ የሚከፈለው ከኮንቲንጀንሲ ነው፣ ጋሼም አይጠየቁም። የሙከራ ጉድጓዱ ደግሞ አራቱም ማዕዘን ላይ እንዲቆፈር በአማካሪው ውል ውስጥ ተጽፏል።